የመስመር ቁጥሩ የወረቀቱ ነው ወይስ የጽሑፉ?

በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ጠበቃው «ገጽ 4፣ ከመስመር 12 እስከ 15» ብሎ ሲጠቅስ፣ ዳኛው የግራውን ኅዳግ ተከትለው ቦታውን ወዲያው ያገኙታል። የግዛቲቱ የፍርድ ቤት ደንብ ቁጥር 2.108 የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ በግራ ኅዳግ ይሰፍራሉ፤ በየገጹ ከ1 ጀምረው ሳይዘሉ ይሄዳሉ፤ በአንድ ኢንች ቁመት ውስጥም ቢያንስ ሦስት ቁጥር መኖር አለበት። በልማድ አንድ ገጽ 28 መስመር ይይዛል። እዚያ በጠበቃ ቢሮ የሚሠሩም ሆኑ አቤቱታቸውን ራሳቸው የሚጽፉ ወገኖቻችን ታዲያ ዎርድ ላይ ሲተይቡ ቁጥሩ ሲዘልባቸው፣ መሀል ገጽ ላይ እንደገና ከ1 ሲጀምርባቸው ወይም ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ሲታያቸው ግራ ይጋባሉ።

ችግሩን ለመፍታት በቅድሚያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ዎርድ ውስጥ ሁለት ዓይነት የመስመር ቁጥር አለ። አንደኛው ዎርድ ራሱ በ`Line Numbers` የሚሰጠው ሲሆን የተጻፈውን መስመር እየቆጠረ ይሄዳል። ሁለተኛው ለፍርድ ቤት ተብሎ የተዘጋጀው ቅጽ የሚጠቀምበት ነው፤ ከ1 እስከ 28 ያሉት ቁጥሮች አንድ ጊዜ ተጽፈው በገጹ ራስጌ፣ ማለትም በሄደሩ ውስጥ ስለተቀመጡ፣ ጽሑፍ ኖረም አልኖረም በየገጹ ይታያሉ። ለመለየት ባዶ ገጽ ይክፈቱ። 28ቱም ቁጥሮች ቆመው ከጠበቁዎት ቁጥሩ የወረቀቱ ነው። እየጻፉ ሲሄዱ ብቻ የሚጨመር ከሆነ የጽሑፉ ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ እንመልከት። የአቅራቢው ስምና አድራሻ ከመስመር 1 ይጀምራል፤ የፍርድ ቤቱ ስም በመስመር 8 ላይ ይውላል፤ ከዚያ በታች በግራ የተከራካሪዎቹ ስም፣ በቀኝ የመዝገቡ ቁጥር ይሰፍራል። ይህን ግራና ቀኝ ብዙ ሰው በሰንጠረዥ ነው የሚሠራው። ዎርድ ግን በሰንጠረዥ ውስጥ ላለ ጽሑፍ የመስመር ቁጥር አይሰጥም። ሰንጠረዡ የስምንት መስመር ቁመት ቢይዝ፣ ከሥሩ ያለው ዐረፍተ ነገር 17 መሆን ሲገባው 9 ተብሎ ይቀጥላል። በግርጌ ማስታወሻና በጽሑፍ ሳጥንም እንዲሁ ነው። ሰንጠረዡን በ`Convert to Text` ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ ይቻላል፤ ሆኖም ግራና ቀኙ ስለሚበታተን እኔ አልመክረውም። ሰንጠረዥ ያለበት አቤቱታ በራስጌ ቁጥር ቢሠራ ይሻላል።

የራስጌው ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። ራስጌው ከጽሑፉ ጀርባ ስለሚውል፣ ሰንጠረዡ ወደ ግራ ከተሳበ ቁጥሮቹ ሣጥኖቹ ውስጥ የተጻፉ መስለው ይታያሉ፤ ሣጥኑ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ጭራሽ ይሸፈናሉ። መፍትሔው ቁጥሮቹን መነካካት ሳይሆን ሰንጠረዡን በ`Table Properties` ወደ ቀኝ መመለስ ነው።

መሀል ላይ ከ1 የሚጀምረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የክፍል መለያያ (ሴክሽን ብሬክ) ውጤት ነው። ዎርድ የቁጥሩን ምርጫ የሚይዘው በየክፍሉ ነው፤ አንዱ ክፍል `Restart Each Section` ከተባለ ከመለያያው በኋላ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ `Continuous` ከተባለ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ከ1 አይነሳም። ደንቡ የሚፈልገው `Restart Each Page` ስለሆነ፣ `Apply to` የሚለው ላይ `Whole document` ብለው ለሁሉም ክፍል ይምረጡ። አንድ አንቀጽ ብቻ ቁጥር ካጣ፣ በአንቀጹ ቅንብር ውስጥ `Suppress line numbers` ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይዩ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ስሕተት ግን የራስጌ ቁጥርና ጽሑፍ ቀስ በቀስ መለያየታቸው ነው። በቅጹ ላይ ቁጥሮቹ በ24 ፖይንት ልዩነት ተደርድረዋል እንበል፤ አንድ ኢንች 72 ፖይንት ስለሆነ ይህ በትክክል ሦስት ቁጥር በኢንች ነው። ጸሐፊዋ መስመሩን በ`Double` ብታራርቅ፣ በ12 ፖይንት ታይምስ ኒው ሮማን ዎርድ የሚሰጣት 27.6 ፖይንት ገደማ ነው። ልዩነቱ በመስመር 3.6 ፖይንት ቢሆንም ሰባት መስመር ሲሞላ ጽሑፉ አንድ ሙሉ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ገጹም 28 ሳይሆን 24 መስመር ብቻ ይይዛል። ስለዚህ `Exactly` ብሎ 24 ፖይንት መስጠት ያስፈልጋል። በ12 ፖይንት የተጠጋጋ ጥቅስ ሲገባ መስመሮቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ ከሥሩ 12 ፖይንት ይጨመር፤ አለዚያ ቀጣዩ ጽሑፍ በሁለት ቁጥሮች መካከል ይውላል።

ሰነዱን ከማስገባትዎ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡትና የየገጹን የታችኛውን ጫፍ ይመልከቱ፤ የቁጥርና የጽሑፍ መለያየት ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።