ከለቀቅነው ቤት የሚደርስ መጽሔት

እማማ የደወሉልኝ ዳላስ ከገባሁ በአምስተኛው ወር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለሁ ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ እሳቸው ነበሩ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ መጽሔትህ እኮ ተከመረብኝ። እንዳልጥለው የሰው ንብረት፣ እንዳላነበው በእንግሊዝኛ! ምን ላድርገው?» አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ቤት ስለቅ ለፖስታ ቤት አላሳወቅኩም። ባሳውቅም ግን ነገሩ በዚያ አያልቅም ነበር። የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ለሞላ ሰው ተራ ደብዳቤውን ለ12 ወር ወደ አዲሱ ቤት ያሻግርለታል፤ መጽሔትና ጋዜጣ ግን በነፃ የሚሻገሩት ለ60 ቀን ብቻ ነው። ደግሞም ፖስታ ቤቱ ወረቀቱን ከቤት ቤት ያዛውር ይሆናል እንጂ በእኔና በአሳታሚው መካከል ያለውን ውል አይነካም። መላኩን የሚያቆመው አሳታሚው ራሱ ነው።

ስለዚህ ኢሜይል ጻፍኩ። የመጀመሪያው አንድ መስመር ነበር፦ መጽሔቱን አልፈልግም፣ አቁሙልኝ። በማግስቱ «በዚህ ስምና ኢሜይል የተመዘገበ ደንበኛ አላገኘንም» የሚል መልስ መጣ። ኢሜይሌን ከቀየርኩ ቆይቻለሁ። ስሜም የኛው የስም ጣጣ አለበት፤ ረጅሙን የአባቴን ስም መዝገቡ አጋማሹ ላይ ቆርጦታል፣ አንዱን ፊደልም እኔ ከምጽፈው ለይቶ ጽፎታል።

መፍትሔው እማማ ጋ ነበር። መጽሔቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የአድራሻ ወረቀት በስልካቸው አንስተው እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ከስሜ በላይ ባለው መስመር ላይ የደንበኛ ቁጥሬ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ክፍያዬ የሚያበቃበት ወርና ዓመት። ብዙዎቻችን ያንን መስመር የፖስታ ቤት ምልክት እያልን እናልፈዋለን። መጽሔት የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅት ክፍሉ ሳይሆን የደንበኞችን መዝገብ የያዘ ሌላ ድርጅት ነው፤ እዚያ ያለው ሠራተኛም ሰውን የሚፈልገው በዚያ ቁጥር ነው።

ሁለተኛውን ኢሜይል በእንግሊዝኛ ነው የላክሁት፤ በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ከዚህ በታች በሰፈረው የደንበኛ ቁጥር፣ አድራሻው ወረቀት ላይ እንደተጻፈው ባለው ስምና በቀድሞው አድራሻዬ የምትልኩትን የታተመ መጽሔት አቁሙልኝ። ከዚያ ቤት ለቅቄያለሁ። ወደ አዲሱ አድራሻዬም አትላኩ። በኢንተርኔት የማነበው እስከ ክፍያዬ ማብቂያ ይቀጥል፤ ከወረቀቱ ጋር የሚቋረጥ ከሆነ ግን ከማቆማችሁ በፊት ንገሩኝ። ክፍያው በየዓመቱ ከካርዴ በራሱ እንዳይቆረጥ ዝጉልኝ። የመጨረሻው እትም የየትኛው ወር እንደሆነ ጽፋችሁ አሳውቁኝ።»

«ወደ አዲሱ አትላኩ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። አሳታሚዎች የደንበኞቻቸውን ዝርዝር ከፖስታ ቤቱ የአድራሻ ለውጥ መዝገብ ጋር ስለሚያስተያዩ፣ ለውጡን የሞላ ሰው ሳይጠይቅ መጽሔቱ አዲሱ በር ላይ ሊጠብቀው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የካርዱ ነገር ነው። ወረቀቱ ቆመ ማለት ክፍያው ቆመ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በመዝገቡ ላይ ለየብቻ ስለሚዘጉ ስማቸውን ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁሉንም መተው የፈለገ ደግሞ ላልተላኩት እትሞች የከፈለው እንዲመለስለት በዚያው ይጠይቅ፤ መመለስ አለመመለሱን የሚወስነው ሲመዘገብ የተቀበለው ውል ነው። የካርዱን ቁጥር ግን ኢሜይል ላይ ማስፈር አያሻም።

አንድ ወዳጄ አቋረጥኩ ብሎ ወራት ቆይቷል። ለካ የነካው በማስታወቂያ ኢሜይሎች ግርጌ ያለችውን የመሰረዣ መስመር ነው። ማስታወቂያው ቀረ፣ መጽሔቱ መምጣቱን ቀጠለ።

ለእኔ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ መልስ መጣ፦ የመጨረሻው የጁን እትም ነው። እማማ ግን በሳምንቱ ደወሉ። «አቆሙ አላልክም? ይኸው መጣ!» ወርኃዊ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ወር ቀድሞ ይደርሳል፤ የአድራሻው ዝርዝርም ከኅትመቱ ሳምንታት በፊት ተዘጋጅቶ ያልቃል። የእኔ ጥያቄ ሲደርስ የጁኑ ስም ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ሽፋኑን እንዲያዩልኝ ጠየቅኋቸው፤ ጁን ይላል። ጁላይ የሚል ቢመጣ ኖሮ የመልሱን ኢሜይል አያይዤ እንደገና እጽፍ ነበር።

አልመጣም። ካርዴንም ውሉ በሚታደስበት ወር አየሁት፤ አልተነካም። እማማ ጋ የተከመሩት አሁንም እዚያው ናቸው፤ የመስኮት አበባቸውን ማሰሮ ከስር አስቀምጠውባቸዋል።