የሰርጉ ፎቶ ቀኑን የት ጣለው?

እሑድ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. የተነሣ የሰርግ ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ሲታይ የትናንት ቀን ተጽፎበት ይገኛል። ባለቤቱ ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም፤ የሚያነበው ሌላ ቀን ነው።

አንድ ፎቶ ሁለት ዓይነት ቀን ይይዛል። አንደኛውን ካሜራው ፎቶውን ባነሣበት ቅጽበት ፋይሉ ውስጥ ይጽፈዋል። ኤግዚፍ በሚባለው በዚህ መዝገብ ውስጥ ሰዓቱና የስልኩ ሞዴል፣ አንዳንዴም ቦታው ይገኛል። ሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ስለ ፋይሉ ከውጭ የሚይዘው ነው፤ ፋይሉ እዚህ ዲስክ ላይ መቼ እንደተፈጠረና መቼ እንደተለወጠ ይናገራል። ኮፒ ሲደረግ ይኼኛው ሊቀየር ይችላል፤ የውስጡ ግን ባለበት ይቆያል። ዊንዶውስ ላይ ፎቶውን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Properties፣ ከዚያ Details ውስጥ Date taken የሚለውን ማየት ነው። እዚያ ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ካለ ፎቶው ደህና ነው፤ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነውና።

እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰው በመንገድ ላይ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ዋናው መንገድ ቴሌግራም ነው። በ12 ሜጋፒክስል የተነሣ ፎቶ 4000 በ3000 ነጥብ አለው። እንደ ፎቶ ሲላክ ግን በተለመደው አላላክ ወደ 1280 በ960 ይወርዳል፤ ከነጥቦቹ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ለግድግዳ ይታተም ሲባል ግን የሚዜዎቹ ፊት ይደበዝዛል። የውስጡ ቀንም አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ ቅጂ ላይ መልሶ ማውጣት አይቻልም። እንዲህ ያለው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ስሙ photo ብሎ ጀምሮ ቀን ያስከትላል። ቀኑ የተላከበት እንጂ የተነሣበት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ File በሚለው በኩል ይላክ፤ ያኔ ፋይሉ ሳይነካ ይደርሳል።

ለብዙ ፎቶ ግን ከኬብል የሚሻል የለም። አንድሮይድ ስልክ ሲሰካ መጀመሪያ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል። የስልኩን ቁልፍ ከፍቶ፣ ከላይ ማሳወቂያውን ስቦ File transfer የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ አማራጭ ጭራሽ ካልመጣ ኬብሉን ይጠርጥሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ኬብሎች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ፎቶዎቹ DCIM ውስጥ Camera በሚባለው ፎልደር አሉ። ኮፒ እንጂ ከት አይደረግ፤ መሐል ላይ ኬብሉ ቢነቀል ከት የተደረገው ከሁለት ያጣ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንዴ ከመጎተት ጥቂት መቶ እየመረጡ መገልበጥ ይሻላል። በመጨረሻም የሁለቱን ፎልደሮች የፋይል ብዛትና ጠቅላላ መጠን ማመሳከር ነው። ካልገጠመ ከስልኩ ምንም አይሰረዝ።

አይፎን የራሱ ጠባይ አለው። በፎቶ ሴቲንግ ውስጥ Automatic ተመርጦ ከሆነ ሲያስተላልፍ ፎቶውን ወደ ጄፔግ ሊቀይረው ይችላል፤ Keep Originals ሲመረጥ ግን እንዳለ ይሰጣል። ቦታ ለመቆጠብ ዋናዎቹን አይክላውድ ላይ የሚያስቀምጠው አማራጭ በርቶ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ላይ የሌለውን ኬብል አያመጣውም፤ አስቀድሞ ማውረድ ያሻል።

ቪዲዮ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንድ ረጅም የሰርግ ቪዲዮ ከ4 ጊጋባይት ካለፈ በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ፣ ባዶ ቦታ እያለው እንኳ፣ አይቀበለውም፤ ኤክስፋት ይቀበላል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ብዙ ስልኮች ቪዲዮው ውስጥ የሚጽፉት የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ይህን የማያስተካክል ፕሮግራም ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል የተቀረጸ ጭፈራ በዋዜማው ምሽት የተቀረጸ መስሎ ይታያል። ቪዲዮው አልተበላሸም።

የውጩ ቀን መቀየሩ ዓይን የሚያስቀይም ከሆነ ኤግዚፍቱል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፎቶዎቹ Serg በሚባል ፎልደር ውስጥ ካሉ፣ የሚከተለው ትእዛዝ የውስጡን ቀን ወደ ውጭ ይገለብጣል፦

```
exiftool -r "-FileModifyDate<DateTimeOriginal" D:\Serg
```

በቴሌግራም እንደ ፎቶ ለመጡት ግን ይህ አይሠራም፤ የሚገለበጥ ቀን ውስጣቸው የለም። ለእነሱ ያለው አማራጭ ያነሣቸውን ሰው ፈልጎ ዋናውን በፋይል እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ እሱም ካልተገኘ ቀኑን በእጅ መሙላት።