የገባውና የዋለው፦ በወረታ ለሚሠራ ቤት የሲሚንቶ ሒሳብ

በውጭ አገር የሚኖር ሰው በወረታ ከተማ ቤት ሲያስገነባ ከሚገባባቸው ውሎች አንዱ የእጅ ዋጋ ውል የሚባለው ነው፤ በዚህ ውል ሥራ ተቋራጩ የሚከፈለው ለሙያውና ለሠራተኞቹ ሲሆን፣ ሲሚንቶውን፣ ፌሮውን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ብሎኬቱን ገዝቶ የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ወንድሙ ወይም አጎቱ በሆነ ወኪል በኩል ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲባክን ወይም ሲጠፋ ኪሳራው የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው፤ ዕቃውን በየዕለቱ የሚያዝዘው ግን ኪሳራው የማይነካው ሰው ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን የአስወካይና የተወካይ ችግር ይሉታል፤ ይህም አንዱ ወገን በሌላው ገንዘብ ሲሠራ፣ ስለ ሥራው ያለው መረጃ ከባለገንዘቡ በእጅጉ ሲበልጥ የሚፈጠረው መዛባት ነው። ችግሩን የሚያጠብበው ዋናው መሣሪያ የገባውን ዕቃ ከዋለው ዕቃ ጋር ማስታረቅ ነው፤ ሆኖም ብዙ ባለቤቶች የሚያስታርቁት ዕቃውን ሳይሆን ገንዘቡን ነው፤ ደረሰኞቹ ተደምረው ከተላከው ገንዘብ ጋር እኩል ከሆኑ ሒሳቡ እንደተዘጋ ይቆጥሩታል።

የገንዘብ ድምር ስለ ቤቱ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በተመሳሳይ ዶላር የሚገኘው ብር በአንድ ግንባታ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል በብዙ ይለያያል፤ የዕቃው ዋጋም እንዲሁ አይረጋም። በብር ብቻ የሚመዝን ባለቤት ወጪው የጨመረው ዋጋ ስለወጣ ይሁን ዕቃ ስለጠፋ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ከረጢት፣ ሜትር ኩብና ኪሎ ግራም ግን ከምንዛሪ ጋር አይዋዥቁም፤ አንድ ሜትር ኩብ አርማታ የሚፈልገው ሲሚንቶ በ2015 ዓ.ም. የፈለገውን ያህል ነው።

ማስታረቅ ሲባል ሁለት ለየብቻ የተገኙ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማቆም ማለት ነው። የመጀመሪያው ከመጋዘን የሚገኘው ነው፤ በሥራ ቦታው የገባው ጠቅላላ መጠን ሲያዝ በቆጠራ ቀን የቀረው ይቀነስና ወጪ የሆነው ይታወቃል። ለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለንብረት ገቢ ሞዴል 19፣ ለንብረት ወጪ ሞዴል 22 የሚሏቸው ቅጾች ያላቸው አሠራር በአንድ ደብተርም ሊከናወን ይችላል፤ ዋናው ነገር የሚረከበውና የሚያወጣው ሰው በየጊዜው መፈረሙ ነው። ሁለተኛው ቁጥር የሚመጣው ከቤቱ ራሱ ነው፤ የተሠራው ሥራ በሜትር ይለካና እያንዳንዱ ሥራ በመስፈርቱ መሠረት ምን ያህል ዕቃ መውሰድ እንደነበረበት ይሰላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ሰው እጅ ከወጡ ማስታረቅ የለም፤ ደብተሩን የያዘው ሰው ሥራውንም ከለካ አንዱን ከሌላው ጋር ማስማማት አይከብደውም።

ለማሳያ ያህል በወረታ የሚሠራ፣ ስፋቱ 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ይወሰድ። በፕላኑ መሠረት ለፉቲንግ፣ ለኮለን፣ ለግሬድ ቢምና ለላይኛው ማሰሪያ ቢም 20 ሜትር ኩብ፣ ለወለሉ ደግሞ 10 ሜትር ኩብ አርማታ ያስፈልጋል። በአገራችን ሲ-25 የሚባለው የአርማታ ደረጃ በተለምዶ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ የሚሰላለት በመሆኑ፣ 30 ሜትር ኩቡ ባለ 50 ኪሎ 216 ከረጢት ይወስዳል። ከፉቲንጉ በታች ለሚነጠፈው ስስ አርማታ 6 ከረጢት ይበቃል። የመሠረቱ የድንጋይ ግንብ ርዝመቱ 70 ሜትር፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ነው ቢባል 35 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሜትር ኩብ 120 ኪሎ ገደማ ሲታሰብለት 84 ከረጢት ነው። በሮችና መስኮቶች ተቀንሰው 200 ካሬ ሜትር የሚሆነው የብሎኬት ግድግዳ 40 ከረጢት፣ የሁለቱ ገጽ ልስን 80 ከረጢት ይወስዳሉ። ድምሩ 426 ነው፤ ለማይቀር ብክነት 5 በመቶ ሲጨመርበት 447 ከረጢት ይሆናል። ደብተሩ ግን 540 ከረጢት መግባቱን፣ 20 መቅረቱን፣ ማለትም 520 ወጪ መሆኑን ያሳያል። ልዩነቱ 73 ከረጢት፣ ማለትም ከ36 ኩንታል በላይ ነው።

ይህን ልዩነት ወዲያውኑ ስርቆት ብሎ መጥራት ስህተት ነው፤ በተለይ ወረታ በምትገኝበት በፎገራ። ሜዳው ከጣና ጋር ተያይዞ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚተኙበት፣ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር የተንጣለለበት ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠ መሠረትም አብሮ ስለሚነሣና ስለሚወርድ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቆፋሪው ፕላኑ ካለው ጥልቀት ሲደርስ ጠንካራ መሬት ካላገኘ መቀጠል ግዴታው ነው፤ ዋልካውን የማያልፍ መሠረት ርካሽ የሚመስለው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። በማሳያው ቤት ሥራ ተቋራጩ ጉድጓዱ በ40 ሳንቲ ሜትር ጠልቋል ቢል፣ የግንቡ መጠን በ14 ሜትር ኩብ ይጨምራል፤ ይህም ከነብክነቱ 36 ከረጢት ገደማ ይወስዳል።

ነገር ግን መሠረቱ በአፈር ከተሸፈነ በኋላ 40 ሳንቲ ሜትሩን ማን ያረጋግጣል? እዚህ ላይ መልሱ የሚገኘው ሲሚንቶውን ትቶ ድንጋዩን በመጠየቅ ነው። 14 ሜትር ኩብ ግንብ ሲሚንቶ ብቻ አይበላም፤ 17 ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ፣ ማለትም 16 ሜትር ኩብ ከሚጭን ሲኖትራክ ትንሽ የሚበልጥ፣ እንዲሁም 5 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ይፈልጋል። ከረጢት በባጃጅ ተጭኖ ሌላ ግንባታ ቦታ ሊደርስ ይችላል፤ ድንጋይን ግን ደብቆ መሸጥ አድካሚና ትርፉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶውም፣ ድንጋዩም፣ አሸዋውም በተመጣጣኝ ልክ ከጨመሩ ተጨማሪ ሥራ በእርግጥ ተሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ድንጋዩ በፕላኑ ልክ ቆሞ ሲሚንቶው ብቻ ከጨመረ ግን የጥልቀቱ ምክንያት አይቆምም። የማስታረቅ ጥበብ ያለው በዚህ ነው፤ አንድ ዕቃ ብቻውን ሊዋሽ ይችላል፣ አብረው የሚሠሩ ዕቃዎች ግን አንዱ የሌላው ምስክር ናቸው።

ድንጋዩ የሥራ ተቋራጩን ቃል ደግፏል ቢባል 37 ከረጢት ይቀራል። ከዚህም 12ቱ በክረምት እርጥበት ጠጥረው የተጣሉ መሆናቸው ወኪሉ ባለበት በቃለ ጉባኤ ከተያዘ፣ ቀሪው 25 ነው። እነዚህን ለመፈለግ የሚኬደው ወደ ልስኑ ነው። ልስን በሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነው የታሰበው፤ ብሎኬቱ ጠማማ ሆኖ ከተገነባ ግን ግድግዳውን ለማቅናት መወፈሩ አይቀርም። በ400 ካሬ ሜትር ላይ የ6 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ብቻ 25 ከረጢት ይውጣል። ውፍረቱ በሶኬት ሳጥኖች ዙሪያና በበር ጉበኖች ጠርዝ በቀላሉ ይለካል፤ አሥር ቦታ ተለክቶ አማካዩ 26 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሲሚንቶው ግድግዳው ላይ ነው፤ ይሁንና ጠማማው ብሎኬት የግንበኛው ጥፋት ስለሆነ ክርክሩ ከስርቆት ወደ ሥራ ጥራት ይዞራል። አማካዩ 20 ሆኖ ከተገኘ ግን 25ቱ ከረጢት ከቤቱ ውስጥ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልዩነት የሌለበት ደብተር ሊሆን ይችላል። የሲ-25 አርማታ በተለምዶ የሚደባለቀው ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ተደርጎ ነው። ማደባለቂያው ላይ ሦስት አሸዋና አራት ጠጠር ቢገባ፣ በሜትር ኩብ ያለው ሲሚንቶ ከ360 ወደ 275 ኪሎ ገደማ ይወርዳል፤ በ30 ሜትር ኩብ ላይ 50 ከረጢት ገደማ ይተርፋል፤ ደብተሩ ላይ ግን ሁሉም «ወጪ» ተብሎ ስለሚጻፍ የገባውና የዋለው ይታረቃሉ። ባለቤቱ ያጣው ሲሚንቶ ብቻ ቢሆን ኪሳራው በተወሰነ ነበር፤ ያጣው የኮለኑን ጉልበት ነው። ስለዚህ የአርማታ ሒሳብ የሚሠራው በሚሞላበት በዚያው ቀን ነው፤ ካሳፎርማው ከመሞላቱ በፊት በሜትር ተለክቶ መጠኑ ይታወቃል፣ ሲያልቅ ባዶ ከረጢቶች ይቆጠራሉ። ለ4 ሜትር ኩብ ሙሌት 29 ባዶ ከረጢት መኖር አለበት፤ 22 ብቻ ከተገኘ ችግሩ አርማታው ውስጥ ነው። ባዶ ከረጢቱም ከቆጠራ በኋላ መቀደድ አለበት፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ሙሌት ተመልሶ ይቆጠራል። የማያጠራጥረው ማረጋገጫ ከሙሌቱ በሚወሰዱ 15 ሳንቲ ሜትር ኪዩቦች በ28 ቀን የሚደረገው የጭመቃ ምርመራ ነው።

የአሸዋ ሒሳብ ሲሠራ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንሽ የረጠበ አሸዋ ፍሬዎቹን ውኃ ስለሚያራርቃቸው ይዘቱ ከደረቀው ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ እርጥብ ሆኖ የተጫነ መኪና ሙሉ መስሎ ይደርሳል፤ አሸዋው ሲደርቅ ግን ሳይሰረቅ ያነሰ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በአሸዋ ላይ የሚታይ የ20 በመቶ ልዩነት ብቻውን ማንንም መክሰሻ አይሆንም፤ በሲሚንቶና በድንጋይ ላይ ያለውን ለመመርመር ግን ደጋፊ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። የፌሮ ሒሳብ ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ የሚገኘው በሚሊ ሜትር የተለካው ውፍረት በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ ባለ 12 ሚሊ ሜትር አንድ ቤርጋ በ12 ሜትር ርዝመቱ 10.7 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። በግልጽ የቀለለ ቤርጋ 12 ተብሎ የተሸጠ ቀጭን ፌሮ ነው፤ ይህም የሥራ ተቋራጩ ሳይሆን የሻጩ ጉዳይ ነው።

የማስታረቂያው ጊዜ ከቁጥሩ ያላነሰ ዋጋ አለው። መሠረቱ በአፈር ከመሸፈኑ በፊት፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊትና ልስን ከመጀመሩ በፊት ያለፈ ቀን ተመልሶ አይለካም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ደረጃ ክፍያ የሚለቀቀው የዚያ ደረጃ ልኬት ከነፎቶው፣ ሜትሩ በፎቶው ላይ እየታየ፣ ለባለቤቱ ከደረሰ በኋላ መሆኑ በውሉ መጻፍ አለበት፤ የሚለካውም ወኪሉ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን ነፃ የሆነ መሐንዲስ ቢሆን ይመረጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩን ለሥራው አግባብነትና ለሕንፃው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ በስድስተኛው ዓመት ኮለን ቢሰነጠቅ የሙሌቱ ቀን የባዶ ከረጢት ቆጠራና የኪዩብ ውጤት በፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናሉ። የ25ቱ ከረጢት ጉዳይ ግን እስከዚያ መቆየት የለበትም፤ በልኬት ከቤቱ ውስጥ አለመኖራቸው ከተረጋገጠ፣ በዕለቱ የወረታ ገበያ ዋጋ ተሰልተው ከልስኑ የእጅ ዋጋ ላይ ይቀነሳሉ፤ ቀሪው ክፍያም በዚያው ቀን ይለቀቃል።