√2 + √3፦ ባለ አራት ኪሱ ቁጥር

የስልክዎን ካልኩሌተር ይክፈቱና የ2ን እና የ3ን ስኩዌር ሩት ይደምሩ። 1.41421 ሲደመር 1.73205፣ 3.14626 ይመጣል። ውጤቱ ከፓይ (3.14159) ጋር ለመምታታት ምንም አልቀረውም፤ ግን መመሳሰል ብቻ ነው፣ ዝምድና የላቸውም። አለመዛመዳቸውን የሚነግረን የቁጥር ዲግሪ የሚባለው ነገር ነው።

አንድ ቁጥር ዲግሪው ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ በክፍልፋዮች ብቻ ከተጻፉና ቁጥሩን መልስ አድርገው ከሚቀበሉ እኩልዮሾች መካከል ዝቅተኛውን እንፈልጋለን። 3/4 የ4x − 3 = 0 መልስ ስለሆነ ዲግሪው 1 ነው። √2 ክፍልፋይ ሆኖ ሊጻፍ አይችልም፤ ሆኖም x² − 2 = 0 ይበቃዋል፣ ዲግሪው 2። ፓይ ደግሞ የቱም እኩልዮሽ አይይዘውም። ይህን ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ፎን ሊንደማን በ1882 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል።

የእኛስ ቁጥር? √2 + √3ን «ሀ» እንበለው። ሀን በራሱ ስናበዛው 2 + 3 + 2√6፣ ማለትም 5 + 2√6 ይሆናል። 5ን ወዲያ አሻግረን ሁለቱንም ወገን እንደገና በራሱ ብናበዛው ሩቱ ይጠፋል፤ በቀኝ በኩል 24 ብቻ ይቀራል። ሲስተካከል ይህን ይመስላል፦

x⁴ − 10x² + 1 = 0

አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ «ዲግሪው 4 ነው» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። መልሱ ልክ ነው፤ ማስረጃው ግን ጎደሎ ነው። ያገኘነው አንድ ባለ 4 እኩልዮሽ እንዳለ ብቻ ነው፤ ከእሱ ያነሰ እንደሌለ ገና አላሳየንም። ከ1 እና ከ−1 ሌላ ክፍልፋይ መልስ ሊኖረው አይችልም፣ ሁለቱን ብናስገባም −8 ነው የሚመጣው። ይህም አይበቃም፤ ምክንያቱም እኩልዮሹ ክፍልፋይ መልስ ሳይኖረው ወደ ሁለት ባለ 2 ቁራጮች ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ባለሙያዎች የሚወዱት አንድ አቋራጭ አለ። አንድ ፕራይም ቁጥር፣ ለምሳሌ 5ን፣ ይመርጡና ሁሉንም ነገር በ5 ሲካፈል በሚተርፈው ብቻ ያሰሉታል፤ በዚያ ሒሳብ ካልተሰነጠቀ በመደበኛውም አይሰነጠቅም። የእኛ እኩልዮሽ ግን ለዚህ ፈተና እጅ አይሰጥም። በ5 ተራፊ −10 ዜሮ ይሆናል፣ 1 ደግሞ ከ−4 ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ x⁴ − 4 ይሆንና (x² − 2)(x² + 2) ተብሎ ይከፈላል። በ7ም በ11ም ይሞክሩት፣ በየትኛውም እንዲህ ያለ ቁጥር ይሰነጠቃል። በክፍልፋዮች ዘንድ ግን ፈጽሞ አይሰነጠቅም። እኔ ይህን ቁጥር የምወደው በዚህ አታላይነቱ ነው።

መውጫው ከእኩልዮሹ ዓይንን አንስቶ ቁጥሩ የሚኖርበትን ቤት ማየት ነው። ምድር ቤቱ ክፍልፋዮች ናቸው። በእነሱ ላይ √2ን ጨምረን እንደ ልብ ብንደምር፣ ብንቀንስ፣ ብናበዛ፣ ብናካፍል የምናገኘው ሁሉ መ + ነ√2 ተብሎ ይጻፋል፤ መ እና ነ ክፍልፋዮች ናቸው። ይህን አንደኛ ፎቅ እንበለው። እዚህ ያለ ቁጥር ሁሉ ሁለት ኪስ አለው፤ በአንደኛው መ፣ በሁለተኛው ነ ይቀመጣል። ከምድር ቤት ሲታይ የአንደኛው ፎቅ ዲግሪ 2 ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ፎቅ √3 ይሠራዋል፤ ይህን ከማለታችን በፊት ግን √3 አንደኛው ፎቅ ላይ ቀድሞ ተቀምጦ እንደሆነ ማጣራት አለብን። √3 = መ + ነ√2 ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱንም ወገን በራሱ ስናበዛ 3 = መ² + 2ነ² + 2መነ√2 ይሆን ነበር። መም ነም ዜሮ ካልሆኑ √2ን ለብቻው አውጥተን ክፍልፋይ ልናደርገው ነው፤ አይሆንም። ነ ዜሮ ከሆነ √3 ራሱ ክፍልፋይ ሊሆን ነው፤ ይህም አይሆንም። መ ዜሮ ከሆነ ደግሞ 3 = 2ነ² ነው፤ በ2 ብናበዛው 6 = (2ነ)²፣ √6 ክፍልፋይ ሊሆን ነው። ሦስቱም በር ተዘጋ፤ √3 አዲስ ነው፣ ፎቁም እውነተኛ ፎቅ ነው።

በሁለተኛው ፎቅ ያለ ቁጥር ሁሉ እንደገና ሁለት ኪስ አለው፦ አንዱ ለብቻው የሚቆም፣ አንዱ ከ√3 ጋር የሚበዛ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ኪስ የሚገባው የአንደኛው ፎቅ ቁጥር ነው፤ እሱም ራሱ ሁለት ኪስ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት ኪስ፦ ለ1፣ ለ√2፣ ለ√3 እና ለ√6። ታወር ሎው የሚሉት ይኸው ነው፤ ታወር ማማ ማለት ነው። የማማው ጠቅላላ ዲግሪ የየፎቁ ዲግሪዎች ብዜት ነው፤ ድምራቸው አይደለም። በእኛ ምሳሌ 2 + 2ም አራት መሆኑ ጀማሪውን ያሳስታል፤ √5ን ጨምረው ሦስተኛ ፎቅ ሲሠሩ ግን 6 ሳይሆን 8 ይመጣል።

አሁን ያለን የቤቱ ዲግሪ ነው። ሀ በዚህ ቤት ይኖራል፤ ግን ቤቱን በሙሉ ይሞላዋል ወይስ ጥግ ይዞ ነው የሚኖረው? ወደ ካልኩሌተሩ እንመለስ። 1ን ለ3.14626 ቢያካፍሉ 0.31784 ያገኛሉ፤ ይህም √3 − √2 ነው። (√3 + √2 እና √3 − √2 ሲበዙ 3 − 2፣ ማለትም 1 ይሆናሉና።) ይህን ከሀ ጋር ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፦ 1.73205፣ √3 ወጣ። ከሀ ቀንሰው ለሁለት ያካፍሉ፦ 1.41421፣ √2 ወጣ። አንዴ የተደባለቁትን ሁለት ቁጥሮች ከድምራቸው ብቻ መልሰን ለየናቸው። ስለዚህ በሀ ብቻ የሚሠራው ቤት √2ንም √3ንም ይዟል፤ ማማውን በሙሉ ማለት ነው። የሀ ዲግሪ በትክክል 4 ነው፤ ያ ባለ 4 እኩልዮሽም ሊሰነጠቅ እንደማይችል አንድም ቁራጭ ሳንፈልግለት አወቅን።

ሁለት ስኩዌር ሩት ባየ ቁጥር 4 ብሎ ለሚቸኩል √2 + √8 ጥሩ ማገጃ ነው። √8 ማለት 2√2 ስለሆነ ድምሩ 3√2 ነው፣ ዲግሪውም 2። ሁለተኛው ፎቅ በወረቀት ላይ ተሳለ እንጂ አልተሠራም። √6ንም በማማችን ላይ ቢጨምሩት እንዲሁ ነው፤ √2 ጊዜ √3 ስለሆነ ድሮም ኪስ ነበረው።

ያው ሕግ ወደ ታችም ይሠራል። በማማው ውስጥ የሚኖር ማንኛውም ቁጥር በራሱ ትንሽ ቤት ቢሠራ፣ ማማው በዚያ ቤት ላይ የተሠራ ፎቅ ይሆናልና የትንሹ ቤት ዲግሪ 4ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ 1፣ 2 ወይም 4 ብቻ። በራሱ ሦስት ጊዜ ሲበዛ 2 የሚሆነው ቁጥር ግን ዲግሪው 3 ነው። ስለዚህ √2ን እና √3ን እንዴትም ብንደምር፣ ብናበዛ፣ ብናካፍል አናገኘውም። ስኩዌር ሩት በስኩዌር ሩት ላይ ብንደራርብም 8፣ 16፣ 32 እያለ ይወጣል እንጂ 3 የሚያካፍለው ፎቅ አይመጣም። ማስመሪያና ኮምፓስ የሚሠሩት ደግሞ ስኩዌር ሩት እየደራረቡ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቫንትዜል በ1837 እ.ኤ.አ. የኪዩብን ይዘት በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ብቻ እጥፍ ማድረግ እንደማይቻል ያሳየው በዚህ መንገድ ነው፤ ግሪኮች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ሲሞክሩት ነበር። √2 + √3ን ግን ኮምፓስ የያዘ ሁሉ ሊስለው ይችላል።