የካሬ ግልባጮችን ድምር በፎሪየር ዘዴ ማግኘት

1፣ አንድ አራተኛ፣ አንድ ዘጠነኛ፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ አንድ ሃያ አምስተኛ እያለ የሚቀጥለው ድርድር የሚገኘው እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዝቶ አንድን ለውጤቱ በማካፈል ነው። ድርድሩ ማለቂያ ባይኖረውም፣ ድምሩ ከ2 አያልፍም። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ሜንጎሊ እ.ኤ.አ. በ1650 ድምሩ በትክክል ስንት እንደሆነ ጠየቀ። የባዝል ከተማው ያኮብ በርኑሊም ሞክሮ ስላልተሳካለት ጥያቄው «የባዝል ጥያቄ» ተባለ። እዚያው ባዝል የተወለደው ሌዎናርድ ኦይለር በ1735 መልሱን አገኘ፤ ድምሩ የፓይ ካሬ ለ6 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን በመደመር ብቻ መገመት ያስቸግራል። የመጀመሪያዎቹ 10 ቁጥሮች ሲደመሩ 1.5498 ገደማ፣ 100ዎቹ ሲደመሩ ደግሞ 1.6350 ገደማ ይሆናሉ። እውነተኛው ድምር 1.6449 ገደማ ስለሆነ፣ 100 ቁጥር ተደምሮም ሁለተኛው የነጥብ አሃዝ ገና ትክክል አልሆነም። ክብ የሌለበት ስሌት ውስጥ ፓይ ከየት እንደመጣም መደመሩ አይናገርም። ይህን በግልጽ የሚያሳየው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፎሪየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሙቀት ሲያጠና ያስፋፋው ዘዴ ነው።

የዘዴው መነሻ አንድን ጎባጣ መስመር በማዕበሎች ድምር መጻፍ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚመቸው f(x) = x² የተባለው ፓራቦላ ሲሆን፣ የሚወሰደውም ከ−π እስከ π ያለው ክፍሉ ነው። ይህ ቁራጭ በግራና በቀኝ እኩል ስለሆነ፣ እንደርሱ ግራና ቀኛቸው እኩል የሆኑት የኮሳይን ማዕበሎች ይበቁታል፤

x² = a₀ + a₁ cos x + a₂ cos 2x + a₃ cos 3x + …

የቀረው የእያንዳንዱን ማዕበል መጠን ማወቅ ነው። a₀ የፓራቦላው አማካይ ከፍታ ሲሆን π²/3 ይሆናል። ሌሎቹን ለማግኘት ሁለቱም ወገን በcos nx ተባዝቶ ከ−π እስከ π ኢንቲግራሉ ይወሰዳል። ይህ እንደ ወንፊት ያገለግላል፦ ሁለት የተለያዩ ኮሳይኖች ሲባዙ ከዜሮ በላይና በታች ያለው ስፋታቸው ስለሚጣፋ፣ የሚተርፈው aₙ ያለበት ብቻ ነው፤ እርሱም በπ ተባዝቶ ይወጣል። ስለዚህ

aₙ = (2/π) ∫₀^π x² cos nx dx

ይሆናል። ይህ ኢንቲግራል ሁለት ጊዜ በክፍል በክፍል ሲሠራ፣ sin nx ያለባቸው ቁጥሮች በ0ም በπም ዜሮ ስለሚሆኑ ይወድቃሉ። የሚቀረው cos nπ ያለበት ነው፤ እርሱም n ጎዶሎ ሲሆን −1፣ ሙሉ ሲሆን 1 ነው። በዚህም aₙ = 4(−1)ⁿ/n² ይገኛል። የሚፈለጉት የካሬ ግልባጮች የታዩት እዚህ ላይ ነው፦

x² = π²/3 + 4(−cos x + cos 2x/4 − cos 3x/9 + …)

አሁን በx ቦታ π ይገባል። cos nπ ምልክቱን ስለሚያቀያይር፣ ከፊቱ ያለውን ተቀያያሪ ምልክት ያጠፋዋል፤ በቅንፉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይደመራሉ። ድምሩ S ከተባለ π² = π²/3 + 4S ይሆናል። ከπ² ላይ ሲሶው ሲነሳ 2π²/3 ይተርፋል፤ ለ4 ሲካፈል S = π²/6።

በπ ላይ ያለው ይህ እርምጃ ግን በማንኛውም ፈንክሽን አይሠራም። ማዕበሎቹ ቁራጩን በየ2π ርቀት ስለሚደግሙት፣ አንዱ ቁራጭ ያለቀበት ቦታ ቀጣዩ የሚጀምርበት ነው። ፓራቦላው በሁለቱም ጫፍ π² ስለሆነ ቁራጮቹ ሳይሰበሩ ይገጣጠማሉ። በምትኩ f(x) = x ቢወሰድ፣ አንዱ ጫፍ π ሌላው −π ስለሆነ መስመሩ በድንገት ይወርዳል። የርሱ ማዕበሎች ሳይኖች ናቸው፤ ሁሉም በπ ላይ ዜሮ ስለሆኑ ስሌቱን ሳያስተውል የሚቀጥል ሰው «π = 0» ላይ ይደርሳል። ተከታታዩ እንዲህ ባለ ስብራት ላይ የሚሰጠው የሁለቱን ጫፎች አማካይ እንጂ የፈንክሽኑን ዋጋ አይደለም።

የፓራቦላው ውጤት በx = 0 ሊፈተሽ ይችላል። ያኔ ሁሉም ኮሳይን 1 ስለሚሆን 1 − 1/4 + 1/9 − 1/16 + … = π²/12 ይወጣል፤ ይህም የS ግማሽ ነው። ግማሽ መሆኑ ያለ ፎሪየርም ይታወቃል። የሙሉ ቁጥሮቹ ድርሻ፣ ማለትም 1/4 + 1/16 + 1/36 + …፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከS ቁጥሮች የአንዱ ሩብ ስለሆነ በጠቅላላው የS ሩብ ነው። የእነዚህን ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ መለወጥ ደግሞ ሩቡን ሁለት ጊዜ እንደ መቀነስ ስለሚቆጠር፣ የሚተርፈው የS ግማሽ ነው። ሁለቱ መንገዶች ይስማማሉ።