የጠበበ ባንድ ምን ይናገራል? የብርና የዶላር የምንዛሬ ግራፍ እንደ ማሳያ



የዛሬው ጥያቄያችን አንድ ነው። በምንዛሬ ግራፍ ላይ የቦሊንገር ባንድ ሲጠብ ትልቅ የዋጋ ለውጥ እየቀረበ ነው ይባላል። ይህ ንባብ የሚሠራው መቼ ነው? የማይሠራውስ መቼ ነው?

ባንዱ ስሙን ያገኘው ካዘጋጀው ከአሜሪካዊው ተንታኝ ከጆን ቦሊንገር ነው። መካከለኛው መስመር የ20 ቀናት ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው። የላይኛውና የታችኛው መስመሮች ከአማካዩ በሁለት መደበኛ ልይይት ርቀት ላይ ይሰመራሉ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ለአማካዩ ሲካፈል የባንዱ ስፋት ይገኛል። ይህ ስፋት በስድስት ወራት ውስጥ ከታየው ሁሉ ሲያንስ ባንዱ ጠበበ እንላለን።

በነጻ ገበያ ውስጥ ጥበቱ ትርጉም አለው። የዋጋ መዋዠቅ ለጊዜው ዝቅ ቢልም ውሎ አድሮ ወደ ተለመደው ደረጃው ይመለሳል። ጸጥታው በረዘመ ቁጥር የገዢዎችና የሻጮች የኪሳራ መገደቢያ ትዕዛዞች በጠባቧ ቀጠና ዳርና ዳር ይከማቻሉ። ዋጋው ከቀጠናዋ ሲወጣ ትዕዛዞቹ ተከታትለው ይፈጸሙና እንቅስቃሴውን ያፋጥኑታል። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ የዩሮና የዶላር ምንዛሬ እጅግ ጸጥ ብሎ በ1.36 አካባቢ ነበር፤ በመጋቢት 2015 ግን ወደ 1.05 ወርዶ ነበር። ጥበቱ መዋዠቁ እንደሚያድግ ጠቆመ እንጂ አቅጣጫውን አልተናገረም። አቅጣጫውን ለመገመት የሁለቱን ማዕከላዊ ባንኮች የገንዘብ ፖሊሲ መመልከት ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ግራፍ እንመለስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይፋዊው የብር ምንዛሬ በብሔራዊ ባንክ አመራር በጥቂት በጥቂቱ የሚንሸራተት ነበር። ለስሌት እንዲመቸን ዶላር በየሥራ ቀኑ አንድ ሳንቲም ብቻ ይጨምር ነበር እንበል። በእኩል እርምጃ የሚያድጉ የ20 ቁጥሮች መደበኛ ልይይት የእርምጃው 5.77 እጥፍ ነው፤ ይኸውም 5.77 ሳንቲም ይሆናል። ከላይኛው እስከ ታችኛው መስመር አራት መደበኛ ልይይት ስላለ ርቀቱ 23 ሳንቲም ያህል ነው፤ በ57 ብር አካባቢ ለነበረው ዋጋ 0.4 በመቶ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ምንም ዓይነት እርግጠኛ አለመሆን የለም። የባንዱ ስፋት የለካው የመንሸራተቱን ፍጥነት ብቻ ነው።

በተጠቀሰው ቀን የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያወጣው ዋጋ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር፣ ማለትም በ30 በመቶ ዘለለ። በምሳሌያችን ስሌት የላይኛው መስመር በዚያ ቀን ወደ 66 ብር ይወጣል፤ የታችኛው ደግሞ ወደ 51 ብር ይወርዳል። ዶላር ወደ 51 ብር እንዲወርድ የሚገፋ ኃይል ስለተፈጠረ አይደለም፤ ባንዱ በአማካዩ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚሰፋ ብቻ ነው። ስፋቱ ከ0.4 ወደ 26 በመቶ ገደማ አደገ፤ ያደገው ግን ከዝላዩ በኋላ ነው። በደነባ ከውጭ የመጣ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ግራፍ ተመልክቶ «ምንዛሬው የተረጋጋ ነው» ብሎ በዱቤ ሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ የሰበሰበው ገንዘብ የሸጠውን ዕቃ መልሶ ላይተካለት ይችል ነበር።

ታዲያ ሁለቱን የጥበት ዓይነቶች በምን እንለያቸው? የመጀመሪያው እርምጃ ዋጋውን ትቶ የዕለት ለውጦቹን መደርደር ነው። በነጻ ገበያ ውስጥ፣ በጥበት ጊዜ እንኳ፣ ለውጦቹ ትንንሽ ሆነው ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳሉ። በሚመራ ምንዛሬ ግን ወራቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫና በተቀራረበ መጠን ይደጋገማሉ። እንዲህ ከሆነ ጥበቱ የገበያ ምልክት ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የታፈነው ግፊት የሚታይበትን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ይፋዊው ዋጋ በ57 ብር አካባቢ ሳለ፣ በትይዩ ገበያ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ይህ ልዩነት ዩሮን በሚመለከት ባንዱ ያልነገረንን አቅጣጫ ይነግራል። የራሱ ወሰንም አለው፤ ልዩነቱ ለዓመታት የቆየ በመሆኑ ቀኑን ሊነግረን አይችልም።

እንግዲህ የጠበበ ባንድ ስታዩ፣ «ዋጋው በየት በኩል ይወጣ ይሆን?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው የሁለተኛው መልስ «ገበያው» ሲሆን ነው።