ቅርጫቱ የት ይቁም? መቼስ ይገልበጥ?

በመንገድ ላይ የሚጣል ቆሻሻ በየቦታው እኩል አይበተንም። አብዛኛው የሚወድቀው ነገሩ አገልግሎቱን የጨረሰበት ቦታ ላይ ነው። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የማስቲካውን ወረቀት የሚጥለው ሊሳፈር ሲል ነው፤ በቆሎ እሸት ገዝቶ እየጋጠ የሚሄድ ደግሞ ቆረቆንዳውን የሚጥለው ከሻጯ ፊት ሳይሆን ጥቂት ከተራመደ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የቆሻሻ ቅርጫቶችን በእኩል ርቀት እየለኩ በአስፋልቱ ዳር መደርደር ለዓይን ቢያምርም ብዙ አይጠቅምም። ቦታ ከመምረጥ በፊት መንገዱን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ተዘዋውሮ መሬት ላይ ምን፣ የት እንደወደቀ መመዝገብ ይቀድማል። ሥራው ጥረጋው ከመጀመሩ በፊት መከናወን አለበት፤ መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የሚመዘገብ ነገር አይገኝም።

ርቀት ከሚገመተው በላይ ለውጥ ያመጣል። ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል የተባለው ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ቆሻሻ መሬት ላይ የጣሉ ሰዎችን ሲመለከት፣ በዚያ ሰዓት ከአቅራቢያቸው ቅርጫት የነበራቸው ርቀት በአማካይ 29 ጫማ ማለትም ወደ 9 ሜትር ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። 9 ሜትር አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ሕዝብ በሚበዛበት ፌርማታ ቅርጫቱ ከመንገዱ ማዶ መኖሩ እንደሌለ ይቆጠራል።

የታክሲ ፌርማታን ብንወስድ ትክክለኛው ቦታ ሰልፉ የሚያልቅበት የመሳፈሪያ ጫፍ ነው፤ ሆኖም ከበሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ገለል ማለት አለበት፤ አለዚያ ተሳፋሪው ይገፋዋል፣ ረዳቱም ይቆጣል። ከፍሳሽ ቦይ አፍ ላይ መቆም የለበትም፤ ቅርጫቱ ሲሞላ የሚተርፈው በቀጥታ ወደ ቦዩ ይገባልና። ከምግብ ሻጭ ፊት ለፊትም አይሆንም። ሽታው የሚያስቸግራት ሻጭ ማታ ማታ ወደ ሌላ ጥግ ብታስጠጋው አይፈረድባትም።

የአፉ ስፋትም ቦታውን ያህል ይታሰብበታል። የውሃ ፕላስቲክ የሚያስገባ ግን በፌስታል የታሰረ የቤት ቆሻሻ የማያስገባ ጠባብ አፍ ያስፈልጋል። ክዳኑ ዝናብ ይከላከላል፤ ከታች ያሉት ቀዳዳዎች የገባውን ውሃ ያስወጣሉ። በአንዳንድ ከተሞች የፕላስቲክ ጠርሙስ ለቃሚዎች ቅርጫቱን እየገለበጡ ስለሚያስቸግሩ ኮፐንሃገን በቅርጫቶቿ ጎን ለጠርሙስ የሚሆን መደርደሪያ አስገጥማለች። ለቃሚው ሳይበትን ይወስዳል። በእኛም ከተሞች ጠርሙስ ገዢ ስላለው ሐሳቡ ሊሞከር የሚችል ነው።

ብዙ ቅርጫት የሚከሽፈው ግን በአገላበጡ ሰዓት ነው። 60 ሊትር የሚይዝ ቅርጫት ሦስት አራተኛው ማለትም 45 ሊትሩ ሲሞላ መገልበጥ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ከላዩ እየደረደረ ይሄዳል። ለምሳሌ በአንድ ፌርማታ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት 45 ሊትር፣ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት በየሰዓቱ 10 ሊትር፣ ከ11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 45 ሊትር ይጣላል እንበል። አንድ ቅርጫት ብቻ ካለ በ3 ሰዓት፣ በ7 ሰዓት ተኩል፣ በ11 ሰዓትና ማታ፣ በድምሩ አራት ጊዜ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቅርጫት ጎን ለጎን ከቆሙ በ7 ሰዓት ተኩልና ማታ ብቻ ይበቃል። ተጨማሪው ቅርጫት አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የሠራተኛው ምልልስ ግን በየቀኑ ይከፈልበታል። ንጋት ላይ ብቻ የሚገለበጥ ከሆነ ግን ሁለቱም ከሰዓት በኋላ ይትረፈረፋሉ።

ጉድለቱ የት እንዳለ ቅርጫቱ ራሱ ያሳያል። ባዶ ሆኖ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሻሻ ከተከማቸ የቆመበት ቦታ ተስቷል። ሞልቶ ከሥሩ ሶፍትና ወረቀት ከተበተነ የመገልበጫው ሰዓት ዘግይቷል ማለት ነው። ከጎኑ የታሰረ ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ከተቀመጠ ደግሞ ችግሩ ከመንገደኛው አይደለም፤ በአካባቢው ከቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት በጊዜው አልመጡም። በዚህ ጊዜ ትልቅ ቅርጫት መተካት ነገሩን ያብሳል፤ የቤቱ ቆሻሻ ተጠቃሎ ይመጣበታል። መፍትሔው የሰብሳቢዎቹን ቀን ማስተካከል ነው።

አዲስ ቅርጫት ከመጀመሪያው በኮንክሪት መተከል የለበትም። መጀመሪያ በሰንሰለት ታስሮ ሁለት ሳምንት ይታያል፤ ሠራተኛው በገለበጠ ቁጥር ምን ያህል እንደሞላ ይጻፋል፤ ካልሞላ ጥቂት ሜትር ተጠግቶ እንደገና ይሞከራል። ኮንክሪቱ የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው።